ለመምህር የሚጻፍ ኢሜይል፦ ከ«ላክልኝ» ወደ «ቢልኩልኝ»

የእኛ ትውልድ ጨዋነት አጥቷል የሚሉ ሰዎች አሉ። ማስረጃ አምጡ ሲባሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ስልካችንን ነው። ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ መምህሩ «ሰላም ዶክ፣ እንዴት ነህ» ብሎ ኢሜይል ይልካል፤ መምህሩ ቅር ይለዋል፤ ከዚያ ነገሩ የአስተዳደግ ጉድለት ተደርጎ ይወራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከጎንደር ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የላይ አርማጭሆዋ ትክል ድንጋይ ሄዳችሁ፣ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫው የማይነሳ ልጅ ብትፈልጉ ብዙ ትደክማላችሁ። ያው ልጅ ግን ስልኩን ሲያወጣ ለአማካሪው «ላክልኝ እስኪ» ብሎ ይጽፋል። ጨዋነቱ አልጠፋም፤ ከአንደበቱ ወደ ጣቱ አልተሻገረም እንጂ።

ያልተሻገረበት ምክንያት አለው። ፊት ለፊት ስንነጋገር አክብሮታችን በብዙ መንገድ ይገለጻል። ጎንበስ እንላለን፣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ በር ላይ ቆመን እስኪፈቀድልን እንጠብቃለን። አንድ ቃል ቢያመልጠን እንኳ ሁኔታችን ይሸፍንልናል። ኢሜይል ላይ ይህ ሁሉ የለም። መምህሩ የሚያየው ፊደል ብቻ ነው። በአማርኛ ደግሞ አክብሮት የሚቀመጠው በዋናነት ግሡ መጨረሻ ላይ ነው፤ «ህ» እና «ሽ» ወይም «ዎ» እና «ዎት»። በቴሌግራም ለጓደኛ በመጻፍ የሠለጠነ ጣት ደግሞ «ህ» እና «ሽ» ላይ ነው የለመደው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የአጎቴ ልጅ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጥናቷን የምትሠራው በማዳበሪያ ብድር ላይ ነው። መረጃ ለመሰብሰብ ትክል ድንጋይ ቤተሰብ ጋ ሆና፣ ዓርብ ማታ ለአማካሪዋ ልትልክ ያዘጋጀችውን ኢሜይል «እስኪ እየው» ብላ ላከችልኝ። እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ዶክ እንዴት ነህ? ሪሰርቹን አታች አድርጌዋለሁ ቶሎ አይተህ ላክልኝ እስኪ። ባለፈው የላኩልህንም አላየኸውም መሰለኝ?? ሐሙስ ማስገባት ስላለብኝ እስከ ነገ ብትልክልኝ አሪፍ ነው። እዚህ ኔትወርክ አስቸጋሪ ስለሆነ ስልክም ደውልልኝ። ቻው።»

ርዕሱ ባዶ ነው። ስሟም መጨረሻ ላይ የለም።

እስኪ መምህሩን የሚመለከቱትን ቃላት እንቁጠር። ነህ፣ አይተህ፣ ላክልኝ፣ የላኩልህን፣ አላየኸውም፣ ብትልክልኝ፣ ደውልልኝ። ሰባት ናቸው። አብዛኛው ሰው ኢሜይሉን «ፎርማል» ላድርገው ሲል የመጀመሪያውን ብቻ ያስተካክላል። «እንደምን ነዎት ዶክተር» ብሎ ይጀምርና ሁለተኛው መስመር ላይ «አይተህ» ይላል። የአጎቴ ልጅም የመጀመሪያ እርማት እንዲሁ ነበር። ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ከላይ እስከ ታች «አንተ» ያለ ሰው ቢያንስ ሁሌም እንደዚህ የሚያወራ ይመስላል። በ«እርስዎ» ጀምሮ ወደ «አንተ» የወረደ ግን ሰላምታውን ከሌላ ቦታ የቀዳ ያስመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ አሰልቺ ቢሆንም ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱን ግሥ መዞር። ነህ ወደ ነዎት፣ አይተህ ወደ አይተው ወይም ተመልክተው፣ አላየኸውም ወደ አላዩትም። አንዷ «ህ» ካመለጠች የስድስቱ ድካም ይበላሻል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ወጥመድ አለ። «ባለፈው የላኩት ፋይል» ብላችሁ ብትጽፉ የላከው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ? «አንተ» እያልን ስንጽፍ ይህ ችግር የለም፤ እሱ «የላክኸው» ነው፣ እኔ «የላኩት»። ወደ «እርስዎ» ስንቀይር ግን ሁለታችንም «የላኩት» ሆነን ቁጭ እንላለን። ስንናገር «ኩ»ን ጠበቅ ስለምናደርጋት ይለያል፤ ጽሑፍ ግን መጥበቁን አያሳይም። መፍትሔው የራስን ድርጊት «የላክሁት» ብሎ መጻፍ ነው። ስትጽፉት መጽሐፍ መጽሐፍ ሊላችሁ ይችላል። ግን አማካሪው «እኔ ምን ላኩላት?» ብሎ የኢሜይል ሳጥኑን ከመፈተሽ ይድናል።

ሁለተኛው ሥራ ትእዛዙን ጥያቄ ማድረግ ነው። «ቶሎ አይተህ ላክልኝ» የሚለውን «ቶሎ አይተው ይላኩልኝ» ብናደርገው ግሡ ተከበረ፣ ትእዛዙ ግን ትእዛዝ ሆኖ ቀረ። «እባክዎ» ብንጨምርበትም ልዩነቱ ብዙ አይደለም። በአማርኛ ትእዛዝን ወደ ጥያቄ የምትቀይረው «ቢ» ናት፤ «አስተያየትዎን ቢልኩልኝ»። «ይላኩልኝ» ውሳኔውን እኔ ጨርሼ መምህሩን ፈጻሚ ታደርገዋለች። «ቢልኩልኝ» ግን ውሳኔውን እሱ እጅ ላይ ትተዋለች። «እንዲልኩልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ማለትም ይቻላል፤ እሱ ግን የቢሮ ማመልከቻ ድምፅ አለው። ለማያውቁት ኃላፊ ይሆናል፣ በየሳምንቱ ለሚያገኙት አማካሪ ግን ትንሽ ይከብዳል።

«ቶሎ» እና «እስከ ነገ» ደግሞ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ኢሜይሉ የተጻፈው ዓርብ ማታ ነው። እስከ ነገ ማለት ቅዳሜ ማለት ነው። የማስገቢያው ቀን ሐሙስ ከሆነ ቅዳሜ ለምን? ስጠይቃት «እንዲያው እንዲፈጥንልኝ ብዬ» አለችኝ። በእርግጥ የሚያስፈልጋት ማክሰኞ ነው፤ ረቡዕን አርማበት ሐሙስ ታስገባለች። እንግዲህ ማክሰኞን ከነምክንያቱ መጻፍ ነው። የውሸት ጥድፊያ በየትኛውም የአክብሮት ቃል አይሸፈንም፤ መምህሩ ሐሙስን እያየ ቅዳሜን ሲጠየቅ ይገባዋል።

የጥያቄው መጠንም የአክብሮት ጉዳይ ነው። «ሪሰርቹን አይተህ» ማለት ስንት ገጽ ነው? ስድሳ ገጽ ከሆነ መምህሩ ኢሜይሉን ዘግቶ «በኋላ አየዋለሁ» ይላል፤ ያ በኋላ ደግሞ አይመጣም። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የመፈለጊያ ወጪ የሚባል ነገር ተምረናል፤ አንድን ነገር ለማግኘት የሚጠፋው ጊዜና ድካም ማለት ነው። ግልጽ ያልሆነ ኢሜይል ይህንን ወጪ ከጻፈው ሰው አንስቶ አንባቢው ላይ ይጭናል። ማን ነው የላከው? የትኛው ጥናት ነው? የትኛው ገጽ? ብዙ ተማሪ ያለው መምህር ይህን ሁሉ እንዲፈልግ ማድረግ፣ «ክቡር» ብለንም ቢሆን፣ አለማክበር ነው።

ሦስተኛው ሥራ ወቀሳውን ማውጣት ነው። «ባለፈው የላኩልህን አላየኸውም መሰለኝ??» የሚለው ከነሁለት ጥያቄ ምልክቱ ክስ ነው። ወደ «ያላዩት ይመስለኛል» ብንቀይረው በእርስዎ የቀረበ ክስ ይሆናል። እውነቱ ምንድን ነው? ፋይሉን ግንቦት 4 ልካለች፣ በዚያ ሳምንት ኔትወርክ ይቆራረጥ ነበር፣ መድረሱን አታውቅም። ያንኑ መጻፍ ይበቃል፤ «ደርሶዎት እንደሆነ እርግጠኛ ስላልሆንሁ እንደገና አያይዤዋለሁ»። መምህሩ በእርግጥ ረስቶት ከሆነ ራሱ ያውቃል፤ መውጫ በር ግን ተከፍቶለታል። ኔትወርክን ሰበብ ማድረግ ተማሪው ሁሉ ስለለመደው ሰልችቷል የሚል መምህር ያጋጥማል። ስለዚህ ቀንና ቦታ ይጻፍ፤ «ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው» ከሚለው ይልቅ «በዚያ ሳምንት ትክል ድንጋይ ኔትወርክ ይቆራረጥ ነበር» የሚለው ይታመናል።

የስልኩም ነገር እንዲሁ ነው። በእኛ አገር የሚፈልግ ነው የሚደውለው። «ይደውሉልኝ» ከማለት «የሚመችዎትን ሰዓት ቢነግሩኝ እደውላለሁ» ማለት ሥራውንም የካርዱንም ወጪ ወደ ራስ ያመጣል።

ስለ መጠሪያውም አንድ ነገር ልበል። «ዶክ» ከአፍ ሲወጣ የፍቅር ነው፣ ተጽፎ ሲታይ ግን የመንደር ነው። «ዶ/ር» ብሎ የራሱን ስም ማስከተል በቂ ነው። ግን መጀመሪያ ማዕረጉን ከትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ወይም ከቢሮው በር ላይ አረጋግጡ። ሦስተኛ ዲግሪውን ገና እየተማረ ያለን ሰው «ዶክተር» ማለት ያሳፍረዋል፤ የጨረሰውን «አቶ» ማለት ደግሞ አያመልጠውም። ካላወቃችሁ «መምህር» ማንንም አያስከፋም። ሴት መምህርት ከሆነች ደግሞ «እርስዎ» ይገላግላል፤ ወንድና ሴት አይለይምና «ነህ ወይስ ነሽ» የሚለው ጭንቀት የለም።

እነዚህን ሁሉ አድርገን የአጎቴ ልጅ ኢሜይል በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ጉዳዩ፦ የመመረቂያ ጥናት ምዕራፍ 3 ላይ አስተያየት ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ዶ/ር (የመምህሩ ስም)፣

በእርስዎ አማካሪነት በማዳበሪያ ብድር ላይ የመመረቂያ ጥናት የምሠራው የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ።

ግንቦት 4 ቀን ምዕራፍ 3ን ልኬልዎት ነበር። በዚያ ሳምንት እኔ ባለሁበት በትክል ድንጋይ ኔትወርክ ይቆራረጥ ስለነበር ደርሶዎት እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ እንደገና አያይዤዋለሁ።

የናሙና አመራረጡን ክፍል፣ ከገጽ 21 እስከ 24 ያለውን፣ ተመልክተው አስተያየትዎን ቢልኩልኝ በጣም አመሰግናለሁ። የማስገቢያው ቀን ሐሙስ ግንቦት 21 ነው፤ እስከ ማክሰኞ ግንቦት 19 ከደረሰኝ አርሜ አስገባለሁ። ለማንበብ ጊዜ ካልተመቸዎት፣ ለ10 ደቂቃ በስልክ ለመጠየቅ የሚመችዎትን ሰዓት ቢነግሩኝ እደውላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
(ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ)»

ከመጀመሪያው ረዝሟል፤ የመምህሩ ሥራ ግን አጥሯል። አራት ገጽ ነው የሚያነበው። ካልቻለም የአሥር ደቂቃ ስልክ አለ። ሁለቱንም እንቢ ማለት ይችላል። ቋንቋው ደግሞ የተለየ ጌጥ የለውም፤ «ጤና ይስጥልኝ» እና «ከአክብሮት ጋር» ማንም የሚያውቃቸው ናቸው።

ይህን የምለው ወደ ሌላኛው ጫፍ የሚሮጡም ስላሉ ነው። «እጅግ በጣም የማከብርዎትና የምወድዎት ክቡር መምህሬ ሆይ፣ ውድና የተጣበበ ጊዜዎን በመሻማቴ ከእግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እየጠየቅሁ» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል አይቻለሁ። ጥያቄው አምስተኛው መስመር ላይ ነው የተገኘው። የአያቶቻችን ደብዳቤ በረጅም ሰላምታ ይጀምር ነበር፤ ትርጉም ነበረው። ደብዳቤው የሚደርሰው ከሳምንታት በኋላ ነበር፣ የጤና ወሬውም ራሱ ዋና መልእክት ነበር። ዛሬ መምህሩ ስልኩ ላይ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ነው። እነሱ ላይ ሽንገላ ካነበበ፣ የሚቀጥለው ልመና ምን እንደሆነ ሳይጨርስ ይጠረጥራል።

በእንግሊዝኛ ለሚጽፉም ይኸው ሐሳብ ይሠራል፤ መንገዱ ግን ይለያል። እንግሊዝኛ «አንተ»ንም «እርስዎ»ንም «ዩ» ይላቸዋል። ስለዚህ በአማርኛ ግሥ ላይ የምናስቀምጠው አክብሮት እዚያ ወደ መጠሪያውና ወደ ጥያቄው አሠራር ይዛወራል። «ፕሊስ ሴንድ ሚ» ከ«እባክህ ላክልኝ» አይሻልም፤ «ኩድ ዩ» ብሎ መጠየቅ ነው «ቢልኩልኝ»ን የሚተካው። መጠሪያው ላይ ደግሞ ስም ይምታታል። እኛ «ፕሮፌሰር መስፍን» ነው የምንለው፤ «ፕሮፌሰር ወልደማርያም» ብንል አባታቸውን ጠራን ማለት ነው። ጀርመን አገር ላለ ፕሮፌሰር ግን የሚጻፈው በቤተሰብ ስሙ ነው፤ በመጀመሪያ ስሙ ብትጠሩት ለእሱ «ሰላም ዶክ» እንደ ማለት ነው። ቀጠሮ ስትጠይቁም ተጠንቀቁ። ለእኛ 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው፤ ለእሱ ገና ጠዋት። ግንቦት 21 ማለትም ለእሱ ምንም አይነግረውም፤ በእሱ የቀን አቆጣጠር ጻፉለት።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን? ክብር በልብ ነው» የሚል ጓደኛ አለኝ። ስዊድንንም ይጠቅስልኛል። እውነትም እዚያ በ1967 እ.ኤ.አ. ብሮር ሬክሴድ የተባሉ ከፍተኛ የጤና ባለሥልጣን ሥራቸውን ሲጀምሩ ሠራተኞቻቸውን «አንተ» እንደሚሉ፣ እነሱም እንዲሁ እንዲሏቸው ተናገሩ። ልማዱ አስቀድሞ እየተለወጠ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ፈጠነ፤ ዛሬ የስዊድን ተማሪ ፕሮፌሰሩን በስሙ ይጠራል። ግን ልብ በሉ፣ «አንተ በሉኝ» ያለው የበላዩ ነው። ከታች ያለው ሳይጠየቅ አልጀመረውም። እኛም ጋ ወጣት መምህራን «ኧረ አንተ በለኝ» የሚሉ አሉ፤ ያኔ ደስ እያለን እንላለን። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ በአንድ ቃል ይፈጸማል፣ መቀራረብም ይሆናል። ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» መመለስ ግን ኩርፊያ ይመስላል። ስለዚህ ካላወቃችሁ ከላይ ጀምሩ።

መምህራንም ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። «እንዴት አንተ ይለኛል» ብሎ ዝም ማለት ተማሪውን ምንም አያስተምረውም። ተማሪው ዝምታውን የሚተረጉመው «አላየውም» ብሎ ነው፣ ከዚያ ሌላ «ላክልኝ» ይልካል። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ገጹን ጠቅሰህ፣ በ«እርስዎ» ጽፈህ እንደገና ላክልኝ።» አብዛኞቻችን ይህን ማንም ሳይነግረን ነው የተመረቅነው።

ለተማሪው ደግሞ ከመላኩ በፊት የሚሠራ አንድ ፍተሻ አለ። ኢሜይሉን የመምህሩ ቢሮ በር ላይ እንደቆማችሁ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዓይን ያለፋትን «ህ» ጆሮ ይይዛታል፤ ፊት ለፊት አፋችሁ የማይደፍረውን ቃል ጣታችሁ ጽፎት ከሆነ እዚያው ትሰሙታላችሁ። መልስ ካልመጣ ሳምንት ያህል ጠብቁ፣ የማስገቢያው ቀን ከቀደመ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን። ከዚያ በዚያው ኢሜይል ላይ በሁለት መስመር አስታውሱ፤ «ግንቦት 15 ስለ ምዕራፍ 3 የጻፍሁልዎትን ለማስታወስ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዎ ብመጣ ይመችዎታል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «አላዩትም እንዴ?» የሚለው ግን አሁንም አይገባም።